ትልቁን ፓምፕ በምን እናስነሳ? ስታር ዴልታ፣ ሶፍት ስታርተር ወይስ ድራይቭ
(በአዳማ ለፓምፕ ጣቢያ ኦፕሬተሮችና ለኤሌክትሪሻኖች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! የአዳማ ሙቀት ሳይበረታ እንጀምር።

ትልቅ ፓምፕ ሲገዛ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ስታር ዴልታ ይሁን፣ ሶፍት ስታርተር ይሁን ወይስ ድራይቭ? ክርክሩ ብዙ ጊዜ ዋጋ ላይና የመነሻ አምፒር ላይ ያልቃል። እኔ ግን ዛሬ በሌላ በር ልግባ። መልሱ ያለው ከፓነሉ ይልቅ ቧንቧው ላይ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ፓምፕ ይዘን እንሂድ። ሞተሩ 110 ኪሎዋት፣ 400 ቮልት፣ ሙሉ ጭነት ላይ 195 አምፒር ገደማ ይስባል። ፓምፑ በሰዓት 350 ሜትር ኩብ ውሃ ይገፋል። ውሃው በ300 ሚሊሜትር የብረት ቧንቧ 3 ኪሎሜትር ተጉዞ ኮረብታ ላይ ያለ ማጠራቀሚያ ይገባል። ማጠራቀሚያው ከፓምፑ 60 ሜትር ከፍ ይላል። የቧንቧው ፍትጊያ ደግሞ 20 ሜትር ገደማ ይበላል። ስለዚህ ፓምፑ በሥራ ላይ 80 ሜትር ይገፋል። ቫልቭ ተዘግቶበት በሙሉ ዙር ቢሽከረከር ደግሞ 95 ሜትር ግፊት ያወጣል እንበል። እንዲህ ያለ ጣቢያ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም።

አሁን ፓምፑን እናስነሳው። ሞተሩ ዙር እየጨመረ ነው። ውሃ ግን ገና አልተንቀሳቀሰም። ለምን? ከቼክ ቫልቩ ማዶ 60 ሜትር ውሃ ተጭኖ ቆሟል። ፓምፑ ያንን ማሸነፍ አለበት። ግፊት ደግሞ በዙር ስኩዌር ነው የሚያድገው። 60ን ለ95 አካፍላችሁ ስኩዌር ሩቱን ስታወጡ፣ 60 ሜትር የሚገኘው ዙሩ 79 በመቶ ሲደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ ፓምፑ ቫልቭ እንደተዘጋበት ያህል ነው የሚሠራው፤ ጭነቱም ቀላል ነው። ከዚያ ቼክ ቫልቩ ይከፈታል። ጭነቱም በቀረችው 21 በመቶ ዙር ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ይህችን 79 ያዙልኝ። ዛሬ ደጋግመን እንመለስባታለን።

ስታር ዴልታን እንይ። ይህ ሞተር በቀጥታ ቢነሳ ከሙሉ አምፒሩ 7 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 1,365 አምፒር ይስባል። በስታር ሲነሳ ከመስመሩ የሚስበው ሲሶውን፣ 455 አምፒር ገደማ ነው። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን የማዞር ጉልበቱም፣ ማለትም ቶርኩም፣ ሲሶ ይሆናል። እስከ 79 በመቶ ዙር ችግር የለም። ቼክ ቫልቩ ሲከፈትና ጭነቱ ሲነሳ ነው ነገር የሚመጣው። ቮልቴጁ ሙሉ ከሆነ ሞተሩ እየተንገዳገደም ቢሆን 95 በመቶ አካባቢ ይደርስ ይሆናል። ቮልቴጁ 10 በመቶ ከወረደ ግን ቶርኩ 19 በመቶ ይወርዳል። ማታ ማታ መስመራችሁ ስንት ቮልት እንደሚያሳይ እናንተ ታውቃላችሁ። ያኔ ሞተሩ 85 እና 90 በመቶ መሃል ላይ ተቸንክሮ ይቀራል።

ታይመሩ ግን ይህን አያውቅም። ጊዜው ሲደርስ ስታሩን ይለቅና ለቅጽበት ሞተሩን ያለ መብራት ይተወዋል። ፓምፕ ደግሞ እንደ ትልቅ ፋን በራሱ ብዙ አይሽከረከርም፤ ውሃው ወዲያው ይይዘዋል። ዙሩ ይበልጥ ወርዶ ዴልታው ይገባል። በዚያ ዙር ላይ ዴልታ ሲገባ ሞተሩ 5 እጥፍ ገደማ፣ ወደ 1,000 አምፒር ይጎትታል። በመጀመሪያዋ ቅጽበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ታዲያ ሲሶ አምፒር ብለን የገዛነው ፓነል ምን ጠቀመን? ችግሩን በአምስት ሰከንድ አዘገየው እንጂ አላስቀረውም።

ይህን በጆሮም በክላምፕ ሜትርም ማወቅ ይቻላል። አንድ ጣቢያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ መሃል ላይ ይቆማል። ጠጋ ብዬ ክላምፑን ሳየው አምፒሩ ከ300 በላይ ተገትሮ አልወርድ ብሏል። ከዚያ ኮንታክተሩ ጓ ሲል የግቢው መብራት በአንድ ጊዜ ድንግዝ አለ። ጤናማ አነሳስ እንዲህ አይደለም። ስታር ላይ እያለ አምፒሩ በግልጽ መውረድ አለበት። ቫልቭ ተዘግቶ ከሆነ ለዚህ ሞተር ከ150 በታች ሲወርድ ታያላችሁ። ያኔ ነው ወደ ዴልታ የሚቀየረው።

እዚያ ጣቢያ የነበሩት ልጆች ታይመሩን ከአምስት ወደ አሥራ አምስት ሰከንድ አሳድገውት ነበር። የተቸነከረ ሞተር ጊዜ ስለተጨመረለት ዙር አይጨምርም። የሚጨምረው የዋይንዲንጉ ሙቀት ነው። መፍትሔው የመውጫውን ቫልቭ ዘግቶ ማስነሳት፣ ዴልታ ከገባ በኋላ ቀስ ብሎ መክፈት ነው። ቫልቭ ሲዘጋ የዚህ ፓምፕ ጭነት በሙሉ ዙር እንኳ ከሞተሩ አቅም ግማሽ አይሞላም። ታዲያ ዘግታችሁ ሻይ ልትጠጡ አትሂዱ፤ ፓምፑ ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል። እንግዲህ ስታር ዴልታ ቫልቩ ዘንድ የሚቆም ሰው ወይም ሞተር ያለው ቫልቭ ይፈልጋል። ማታ በፍሎት ስዊች ብቻውን ለሚነሳ ፓምፕ አልመክረውም። ጉድጓድ ውስጥ ለሚገባ ሰብመርሲብልማ ጭራሽ፤ የሚሽከረከረው ክፍል ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ በቅያሬዋ ቅጽበት ዙሩ ወዲያው ይወድቃል። በነገራችን ላይ ሞተሩ ላይ 400/690 ተብሎ ካልተጻፈና ስድስት ጫፍ ካልወጣለት ስለ ስታር ዴልታ ማውራትም አያስፈልግም።

ወደ ሶፍት ስታርተር እንለፍ። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁ አንድ ነገር አለ። ለእኩል ቶርክ ሶፍት ስታርተር ከስታር ዴልታ የበለጠ አምፒር ከመስመሩ ይስባል። ሲሶ ቶርክ ለማግኘት ቮልቴጁን ወደ 58 በመቶ ያወርዳል። አምፒሩም ከቀጥታው 58 በመቶ ይሆናል፤ 790 ገደማ ማለት ነው። ስታር ይህንኑ በ455 ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ሶፍት ስታርተር አምፒር ይቀንሳል ብሎ ብቻ የሚገዛው ሰው ግማሹን ነው የሰማው።

ታዲያ ለምን እወደዋለሁ? መብራት ተቋርጦ ተመልሶ የሚገባበት ቅጽበት የለውማ። ሞተሩ ዙር ሲያነሳ ቮልቴጁም አብሮ እያደገ ይሄዳል። ከ79 በመቶ በኋላ ጭነቱ ሲመጣ ጉልበቱም አብሮ ይመጣል። ለዚህ ፓምፕ የአምፒር ገደቡን 3.5 እጥፍ ላይ፣ 680 ገደማ አድርጌ እጀምራለሁ። ሞተሩ ሳይደርስ ከቆመ ገደቡን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ እንጂ ሰዓቱን ብቻ አላራዝምም። ሙሉ ዙር ሲደርስ የባይፓስ ኮንታክተሩ ይገባና ታይሪስተሮቹ ያርፋሉ። ሙቀትም ብክነትም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ማስቆሙ ላይ ነው። በቧንቧችን ውሃው በሰከንድ 1.37 ሜትር ይሄዳል። በብረት ቧንቧ ውስጥ የግፊት ሞገድ በሰከንድ 1,000 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ውሃው በድንገት ቢቆም የሚፈጠረው ተጨማሪ ግፊት 140 ሜትር፣ ማለትም 14 ባር ገደማ ነው። ሞገዱ 3 ኪሎሜትር ሄዶ ለመመለስ 6 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለዚህ በቀስታ ማቆም የምንለው ከ6 ሰከንድ ብዙ እጥፍ ሲረዝም ነው። እኔ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ አደርገዋለሁ። ስታር ዴልታ ግን ማስነሳት እንጂ ማስቆም አያውቅም፤ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ በቃ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ሶፍት ስቶፕ የሚል ስለተጻፈበት ብቻ አትመኑት። ርካሾቹ ቮልቴጁን ብቻ ነው ቀስ ብለው የሚያወርዱት። ቮልቴጁ ከ100 ወደ 60 በመቶ እስኪወርድ ሞተሩ ዙሩን ብዙም አይቀንስም። ከዚያ ጉልበት ያጥረውና በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ሠላሳ ሰከንድ ሞልታችሁ ቼክ ቫልቩ ግን በመጨረሻ ጓ ይላል። ይህን ከሰማችሁ ያላችሁ የቮልቴጅ ራምፕ ብቻ ነው። ስትገዙ ቶርክ ኮንትሮል ወይም የፓምፕ ስቶፕ ያለውን ጠይቁ። ልብ በሉ፣ ውሃው የሚቆመው ፓምፑ ዜሮ ሲገባ ሳይሆን ዙሩ ወደ 79 በመቶ ሲወርድ ነው። ቀስታው የሚያስፈልገው ከ100 እስከ 79 ባለችው ቦታ ነው። ከዚያ በታች በፈለጋችሁት ፍጥነት ይቁም።

ድራይቭን አሳጥሬ ልናገር፤ ጥሩ ስላልሆነ ሳይሆን ለዚህ ፓምፕ ስለማይመች። ማስነሳትና ማስቆም ላይ የሚወዳደረው የለም። ከሙሉ አምፒሩ ሳያልፍ ያስነሳል። ዙሩን ራሱ ስለሚቆጣጠር በትክክል እንዳዘዛችሁት ያቆማል። ደካማ ትራንስፎርመር ወይም ትንሽ ጄኔሬተር ላይ ከሆናችሁ በዚህ ብቻ ዋጋውን ሊመልስ ይችላል። የኤሌክትሪክ ሂሳብ ይቀንሳል የሚለውን ግን እንመርምረው። የኛ ፓምፕ ማጠራቀሚያ ይሞላል፤ ወይ በሙሉ ይሠራል ወይ ይቆማል። በሙሉ ዙር ለሚሠራ ፓምፕ ድራይቭ ሁለት ሦስት በመቶ ራሱ ይበላል እንጂ አያተርፍም።

ለቁጠባ ብለው 35 ኸርዝ ላይ የሚያስሩትም አሉ። 79ን አስታወሳችሁ? ከ50 ኸርዝ 79 በመቶው 40 ገደማ ነው። ከዚያ በታች ፓምፑ ይሽከረከራል፣ አምፒሩ ያምራል፣ ማጠራቀሚያው ግን ጠብታ አያገኝም። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፍሎው ሜትሩ ቆሟል፣ የፓምፑ አካል ደግሞ ሲነኩት ይሞቃል። በዚህ ጣቢያ ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ 43 ወይም 44 ላይ ነው የምቆልፈው። ድራይቭ እውነተኛ ቦታው ውሃ በቀጥታ ወደ ከተማ መስመር የሚገፋ፣ ፍላጎቱ ጠዋትና ማታ የሚለያይ፣ ከፍታው ትንሽ ሆኖ ፍትጊያው የሚበዛ ጣቢያ ነው። ከገዛችሁም ከባሕር ወለል በላይ ያለንን ከፍታ አትርሱ። ብዙ ድራይቮች አቅማቸው የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ይቀንሳል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ ልክ በልክ የተገዛ ድራይቭ በዚህ ሙቀት ውስጥ ይጨናነቃል።

ስለዚህ ለዚህ ለያዝነው ፓምፕ የኔ ምርጫ ባይፓስና የፓምፕ ስቶፕ ያለው ሶፍት ስታርተር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እሱም ለሦስቱም እኩል ነው። መብራት ሲሄድ ስታር ዴልታውም፣ ሶፍት ስታርተሩም፣ ውዱ ድራይቭም አንድ ናቸው። ፓምፑ በሰከንዶች ውስጥ ይቆማል፣ ያ 14 ባርም ይመጣል። ከዚህ የሚያድነው ፓነል ሳይሆን የአየር ታንክ፣ በትክክል የሚሠራ ኤር ቫልቭና ቶሎ የሚዘጋ ቼክ ቫልቭ ነው። በጀቱ ለአንዱ ብቻ ከበቃ እኔ ስታር ዴልታዬን ይዤ፣ ቫልቬን ዘግቼ እያስነሳሁ፣ ገንዘቡን የአየር ታንኩ ላይ አውላለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። የየጣቢያችሁን ማጠራቀሚያ ከፍታና የፓምፑን ከርቭ የያዛችሁ ካላችሁ የናንተን 79 እዚሁ ቦርዱ ላይ እናስላው።