«ጀርመንኛ አያስፈልግም» ላሏችሁ

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ የጠሩኝ ወደ ጀርመን ስለሚደረግ ጉዞ እንድመክራችሁ ነው። ሻንጣውን ለእናንተ ልተውና ያንገበገበኝን ልናገር።

እዚህ የተቀመጣችሁት ሁላችሁም በእንግሊዝኛ ለሚሰጥ ማስተርስ ተቀባይነት አግኝታችኋል። ያስፈጸመላችሁ ደላላ «ጀርመንኛ አያስፈልግም» ብሏችኋል። ለክፍሉ እውነቱን ነው። ከክፍሉ በር ውጭ ስላለው ግን ማን ነገራችሁ?

አንድ የማውቀው ልጅ አለ፤ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነበር። አራት ሴሚስተሩን በእንግሊዝኛ፣ በጥሩ ውጤት ጨረሰ። በሦስተኛው ሴሚስተር ቬርክሽቱደንት የሚሉትን ሥራ ፈለገ። በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ ያውም በገዛ ሙያህ የምትሠራው ነው። ቋሚ ቅጥር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ፣ ቃለ መጠይቁም በእንግሊዝኛ ነበር። መጨረሻ ላይ «ወርክሾፕ ውስጥ ከቴክኒሻኖቹ ጋር በጀርመንኛ ትግባባለህ?» አሉት። እሱ ያለው የመጀመሪያው የቋንቋ ደረጃ፣ ኤ1 ነው፤ ሰላምታና ገበያ። በቃ፣ አለቀ። መጋዘን ገብቶ ሌሊት ሌሊት ካርቶን ሲደረድር ከረመ።

ሲመረቅ ደግሞ ሥራ መፈለጊያ ፈቃዱ መቁጠር ጀመረ። ቢበዛ 18 ወር ነው። ቋንቋ ትምህርት ቤት የገባው ያኔ ነው፤ ቀን ክፍል፣ ሌሊት መጋዘን። ከኤ1 ሁለት ደረጃ ከፍ ያለውን ቢ1 ይዞ ሥራ ሲያገኝ ከ18ቱ ወር የቀረው ጥቂት ነበር።

«እዚያው ስንኖር እንለምደዋለን» የምትሉ አላችሁ፤ ሰምቻችኋለሁ። በምን ትለምዱታላችሁ? ክፍሉ እንግሊዝኛ፣ ጓደኛው እንግሊዝኛ፣ የምርምር ጽሑፉ እንግሊዝኛ! ጀርመንኛ የሚመጣው በደብዳቤ ነው፦ ከውጭ ዜጎች ቢሮ፣ ከጤና መድን፣ ከአከራይ። ደብዳቤው ደግሞ ቀነ ገደብ አለው።

ጎተ ኢንስቲትዩት ቢ1 ለመድረስ በግምት ከ350 እስከ 650 የትምህርት ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል ይላል፤ አንዱ 45 ደቂቃ ነው። በሳምንት አሥር ብትማሩ፣ ቢፈጥን ስምንት ወር ገደማ፣ ቢዘገይ ከዓመት በላይ ነው። ከላብራቶሪና ከፈተና ጋር ይህን ጊዜ ከየት ታመጡታላችሁ? ስለዚህ ቢያንስ ኤ2ን ሳትሄዱ ጨርሱ። እዚያ ስትደርሱ ለዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ማዕከል ምዝገባ በተከፈተበት ቀን ተመዝገቡ፤ ቦታው ቶሎ ይሞላል።

በእንግሊዝኛ መማራችሁን አልነቅፍም። በጀርመንኛ ለሚሰጠው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ሲ1 አካባቢ ስለሚጠየቅ፣ ያ መንገድ ረጅም ነው። ዶክትሬት ለምትፈልጉም ብዙው ላብራቶሪ በእንግሊዝኛ ይሠራል። በርሊን ያሉ አንዳንድ የሶፍትዌር ድርጅቶችም እንደዚያው ናቸው። ሌሎቻችሁ ግን፣ መካኒካሎች፣ ሲቪሎች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ደላላውን ነገ ደውላችሁ «የምንቀጠረውስ በምን ቋንቋ ነው?» በሉልኝ። መልሱን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።