ጥሬ ቁጥር ካርታ ላይ ሲወጣ ትልቁ ለምን ሁሌ ይጠቁራል?

[በስክሪኑ ላይ፦ የክልሎች ባዶ ካርታ]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናየው አንዲት ማካፈልን ነው። ካርታ ላይ ቀለም ከመቀባታችን በፊት መሠራት ያለባትን ማካፈል።

ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ እንነሳ። ያኔ ኦሮሚያ ውስጥ 27 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተቆጠረ። ጋምቤላ ውስጥ ደግሞ 307 ሺህ። የአንዱ ሕዝብ የሌላው 88 እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። እንግዲህ የፈለጋችሁትን ነገር በጥሬ ቁጥሩ ካርታ ላይ አውጡት። የተማሪ ቁጥር ይሁን፣ የመኪና አደጋ ይሁን፣ የልደት ምዝገባ ይሁን። ኦሮሚያ ጠቁሮ ይወጣል፣ አማራ ይከተለዋል፣ ጋምቤላና ሐረሪ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። አሥር የተለያየ ርዕስ ያላቸው ካርታዎች ብትሠሩ አሥሩም አንድ መልክ ይኖራቸዋል። ምክንያቱም አሥሩም የሚያሳዩት ሰው የት እንደሚበዛ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

[በስክሪኑ ላይ፦ ሁለት ካርታዎች ጎን ለጎን፤ ግራው በሰው ቁጥር፣ ቀኙ በመቶኛ]

አንድ እውነተኛ ምሳሌ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሰዎችን ደም መርምሮ ነበር። ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው በጋምቤላ 6.5 በመቶ፣ በኦሮሚያ 1 በመቶ ነበሩ። አሁን ይህን ወደ ሰው ቁጥር እንመልሰው። ከ15 እስከ 49 ያለው ሰው ከጠቅላላው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ነው ብለን በግርድፉ እንያዝ። ሕዝቡንም ከ1999ኙ ቆጠራ እንውሰድ። ኦሮሚያ ላይ 135 ሺህ ያህል ሰው ይመጣል። ጋምቤላ ላይ 10 ሺህ ያህል።

በሰው ቁጥር የተሠራው ካርታ ላይ ኦሮሚያ ጋምቤላን ከ13 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በመቶኛ የተሠራው ላይ ደግሞ ጋምቤላ ኦሮሚያን ከ6 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በሽታው አንድ ነው፣ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። ካርታው ግን ተገለበጠ። ግራውን ብቻ ያየ ሰው ጋምቤላ ውስጥ ችግር የለም ብሎ ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ትንሽ ሕዝብ ያለው አካባቢ በጥሬ ቁጥር ካርታ ላይ የፈለገውን ያህል ቢጎዳ አይታይም።

ይህን የተረዱት ሰዎች የዛሬ አይደሉም። ፈረንሳዊው ሻርል ዱፓን እ.ኤ.አ. በ1826 የአገሩን የትምህርት ሁኔታ በጥላ ካርታ ሲያወጣ፣ የየአካባቢውን ተማሪ ቆጥሮ አልነበረም ያጠቆረው። ስንት ነዋሪ ላይ አንድ ተማሪ ይደርሳል ብሎ አካፍሎ ነው። በዚህ ዓይነት ካርታ መጀመሪያ ላይ ማካፈሉ ነበረ ማለት ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ የሁለት ወረዳዎች ሠንጠረዥ]

ወደ ሥራው እንግባ። ወባን እንውሰድ። ሁለት ወረዳዎች አሉ እንበል። ቁጥሮቹ ለማሳያ የፈጠርኳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ወረዳ 210,000 ሰው አለው፣ በዓመቱ 4,200 የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ሁለተኛው 18,000 ሰው አለው፣ ሕሙማኑ 1,260 ናቸው። በጥሬው ካየን የመጀመሪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል።

አሁን እናካፍል። ሕሙማኑን ለሕዝቡ አካፍለን በ1,000 እናባዛ። የመጀመሪያው ከ1,000 ሰው 20 ይሆናል። ሁለተኛው ከ1,000 ሰው 70። በአገራችን የወባ መርሐ ግብር አመዳደብ በዓመት ከ1,000 ሰው 50 እና ከዚያ በላይ የሚታመምበት ወረዳ ከፍተኛ ስርጭት ያለበት ይባላል። ስለዚህ ከፍተኛ የሚባለው ትንሹ ወረዳ ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ግን አጉል ቦታ ቆምን ማለት ነው። ማካፈል ቀላል ነው፤ ከባዱ ለማን እንደምናካፍል ማወቅ ነው። እኛ አገር ወባ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ በሽታ ነው። ያ ትልቁ ወረዳ ግማሽ ደጋ ግማሽ ቆላ ቢሆንስ? ከ210,000ው ሰው 150,000ው ደጋው ላይ፣ 60,000ው ብቻ ቆላው ላይ ይኖራል እንበል። በወባ ሊያዝ የሚችለው በዋናነት ይሄ 60,000 ሰው ነው። 4,200ን ለ60,000 ብናካፍል ከ1,000 ሰው 70 ይመጣል። ከትንሹ ወረዳ ጋር እኩል! ቅድም ከ1,000 ሰው 20 ብለን ያለፍነው ወረዳ፣ ደጋው ሕዝብ ቆላውን ሸፍኖት ነበር።

ስለዚህ አካፋዩ ሁልጊዜ ጠቅላላ ሕዝብ አይደለም። በጉዳዩ ሊነካ የሚችለው ሕዝብ ነው። ለክትባት ከሆነ ዕድሜያቸው ለክትባቱ የደረሰ ሕፃናት ናቸው። ለትምህርት ገበታ ከሆነ ለትምህርት የደረሱ ልጆች። ለእናቶች ሞት ከሆነ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ቁጥር ነው የሚወሰደው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ኪው ጂ አይ ኤስ፣ የወረዳዎች ሠንጠረዥ ተከፍቶ]

ኪው ጂ አይ ኤስ በተባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ የሕሙማኑንና የሕዝቡን ሠንጠረዥ ከወረዳዎቹ ወሰን ጋር እናገናኛለን። እባካችሁ በወረዳ ስም አታገናኙ። የወረዳ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ፋይል ላይ እንዲህ፣ ሌላው ላይ እንዲያ ነው። ያልተገናኘው ወረዳ ካርታው ላይ ባዶ ይሆናል፤ ባዶውን ያየ ሰው ደግሞ ወባ የለም ብሎ ያነበዋል። የወሰን ፋይሉ ላይ `ADM3_PCODE` የሚል የወረዳ መለያ ኮድ ዓምድ ካለ በእሱ አገናኙ። ከዚያ የዓምድ ማስሊያውን ከፍታችሁ ይህን ጻፉ፤ cases የሕሙማኑ፣ pop የሕዝቡ ዓምድ ነው፦

```
"cases" * 1000.0 / "pop"
```

አዲሱ ዓምድ የአሥርዮሽ ቁጥር እንዲሆን ምረጡ። ሙሉ ቁጥር ከመረጣችሁ ከ1,000 ሰው 0.4 የነበረው ወረዳ 0 ሆኖ ይቀመጣል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ሁለት የዘመን መስመሮች፣ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ]

አሁን በጣም የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ። ይህ የእኛው አገር ብቻ ወጥመድ ነው። የጤና ሪፖርቱ በእኛ በጀት ዓመት ነው የሚመጣው፤ ከሐምሌ እስከ ሰኔ። የሕዝብ ትንበያው ሰንጠረዥ ግን ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ዓመት ነው። ሪፖርቱ ላይ 2012 ይላል፣ የሕዝቡም ሰንጠረዥ ላይ 2012 የሚል ዓምድ አለ። እጅ ሳያስቡት እዚያ ይሄዳል። የ2012 በጀት ዓመት ማለት ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 እስከ ሐምሌ 2020 ያለው ነው። የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ።

ምን ያህል ያስታል? በሁለቱ የመጨረሻ ቆጠራዎች መካከል ሕዝቡ በዓመት 2.6 በመቶ ያህል ያድግ ነበር። በዚህ ፍጥነት በሰባት ዓመት ተኩል ውስጥ ሕዝቡ 21 በመቶ ያህል ይጨምራል። አካፋያችን ይህን ጭማሪ አልያዘም ማለት ነው። ትክክለኛው ውጤት ከ1,000 ሰው 45 የነበረ ወረዳ 54 ሆኖ ይወጣና ወደ ከፍተኛው ምድብ ይገባል። ካርታው ግን ሲያዩት ምንም አይልም፤ ያምራል። ስለዚህ ሁለቱም ዓምዶች ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አንድ መፈተሻ አለ። ከዚያው የሕዝብ ሰንጠረዥ የሕፃናቱን ቁጥር ወስዳችሁ የክትባት ሽፋንንም አስሉ። አንድ ወረዳ ላይ 130 በመቶ ከመጣ፣ ከሕፃናቱ በላይ ሕፃን ሊከተብ ስለማይችል አንድ ነገር ተበላሽቷል። ወይ ሕዝቡ ያረጀ ቁጥር ነው፣ ወይ ወረዳው ለሁለት ተከፍሎ ሪፖርቱ በአዲሱ ወሰን፣ ሕዝቡ በአሮጌው ነው፣ ወይ ደግሞ ከጎረቤት ወረዳ የመጡ ሰዎች እዚያ ተመዝግበዋል። የመጨረሻው ሆስፒታል ያለባቸው ከተሞች ላይ ይበዛል። ዙሪያው ያለው ገጠር ፈዝዞ መሃሉ ላይ ከተማው ብቻ ጠቁሮ ካያችሁ፣ ከመደናገጣችሁ በፊት ሕሙማኑ ከየት እንደመጡ ጠይቁ። የሚቆጠረው መኖሪያቸው እንጂ የታከሙበት ቦታ መሆን የለበትም።

[በስክሪኑ ላይ፦ በአንድ ዞን ውስጥ የአንድ ትንሽ ወረዳ ቀለም በየዓመቱ ሲቀያየር]

ማካፈል የራሱን ችግርም ይዞ ይመጣል። እስካሁን ትልልቆቹ ናቸው ካርታውን የወረሩት። አካፍለን ስንጨርስ ደግሞ ትንንሾቹ ይጮኻሉ። በዓመት 400 ሕፃናት የሚወለዱበት ወረዳ አለ እንበል። አንዲት እናት በወሊድ ብትሞት ምጣኔው ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ 250 ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ማንም ካልሞተ 0 ይሆናል። ወረዳው ዘንድሮ ጥቁር፣ ከርሞ ነጭ ነው። ጤና ጣቢያው ላይ የተለወጠ ነገር ላይኖር ይችላል። የአንዲት እናት ሞት ለቤተሰቧ ሁሉም ነገር ነው፤ ስለ ወረዳው አገልግሎት ግን በአንድ ዓመት ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

እኔ እንዲህ ስመለከት መጀመሪያ የማደርገው የሦስት ወይም የአምስት ዓመቱን ሞት ደምሮ ለእነዚያው ዓመታት ልደት ማካፈል ነው። ያም ካነሰ ወረዳዎቹን ወደ ዞን ማጠቃለል ይሻላል። ብዙ ባለሙያዎች ክስተቱ ከ20 በታች ሲሆን ምጣኔውን አያምኑትም፤ ቦታውን በሰያፍ መስመር ይሸፍኑትና ማብራሪያው ላይ ቁጥሩ አነስተኛ ነው ብለው ይጽፋሉ። ነጭ አድርጎ መተው ግን አይገባም። ነጭ ዜሮ ተብሎ ይነበባል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ቀለም የተቀባ የወረዳ ካርታ፣ በላዩ ክቦች]

ታዲያ ጥሬው ቁጥር ይጣል ወይ? በፍጹም። መጋዘን ውስጥ ቆሞ ስንት ሕሙማን የሚያድን መድኃኒት ልጫን ለሚል ሰው ምጣኔ አይረዳውም። እሱ የሚፈልገው 4,200 እና 1,260 የሚለውን ነው። ለዚህ ቀለም ሳይሆን ክብ ተጠቀሙ። ክቡ በየወረዳው መሃል ይቀመጣል፣ ስፋቱ ከሕሙማኑ ቁጥር ጋር ያድጋል። ኪው ጂ አይ ኤስ ላይ የክቡን መጠን በዓምድ ስታስተካክሉ በስፋት እንዲያድግ የሚለውን ምረጡ፤ በዲያሜትር ካደገ አራት እጥፍ የሆነው ቁጥር 16 እጥፍ መስሎ ይታያል።

ክቡ ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ አበባ በቆጠራው 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት፣ ካርታው ላይ ግን ነጥብ ናት። ሶማሌና አፋር ሰፋፊ መሬት ላይ ጥቂት ሕዝብ ነው ያላቸው። ምጣኔውን በትክክል ብናሰላም ዓይን የሚሄደው ወደ ሰፊው ቀለም ነው። ክቡ የሰዎቹን ብዛት ስለሚያሳይ ያንን ያስተካክላል። አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋንና ሐረርን ደግሞ ጥግ ላይ ባለ ሳጥን አጉልታችሁ አውጧቸው።

መግለጫው ላይ «የወባ ስርጭት» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። «ከ2,000 ሜትር በታች ከሚኖር 1,000 ሰው በዓመቱ በወባ የታመመ፣ 2012 በጀት ዓመት፤ ሕዝብ፦ እ.ኤ.አ. የ2019 ትንበያ» ብላችሁ ጻፉት። ረዝሟል አትበሉ፤ ካርታውን የሚያነብ ሰው አካፋዩን ማየት አለበት።