በዘፈቀደ

እሺ፣ ሰላም። ዛሬ ቡና የለም።

ያንን የተረጎምኩትን፣ የልጆች መድኃኒት ጥናት የስምምነት ቅጽ ላወራ ነው። አዎ፣ አሁንም። ካልተናገርኩት አይለቀኝም።

እንግሊዝኛው "ራንደምሊ" ይላል። ልጆቹ ከሁለቱ መድኃኒቶች የትኛውን እንደሚወስዱ የሚወስን ሰው የለም ለማለት ነው። እኔ መጀመሪያ "በዕጣ" ብዬ ተረጎምኩት። ከዚያ እንደ ደንቡ ዋናውን ጽሑፍ አይቶ የማያውቅ ሌላ ተርጓሚ የእኔን አማርኛ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመሳከሩ። የእኔ ዕጣ "ሎተሪ" ሆና ተመለሰች። ቀይ ተሰመረባት። "ከዋናው ጋር አይገጥምም፣ ሽልማት ያለ ያስመስላል" የሚል አስተያየትም ተጻፈ። እኔም "በዘፈቀደ" ብዬ ላክሁ። "ራንደምሊ" ሆኖ ተመለሰ። ንጹህ! የሥነ ምግባር ኮሚቴውም አጸደቀው።

አሁን ያቺ ቀን። ከልጆቹ የአንዷ እናት ማንበብ ስለማትችል ምስክር ባለበት ነርሷ ታነብላታለች፣ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። "ልጅዎ የሚወስደው መድኃኒት በዘፈቀደ ይመደባል።" ሴትዮዋ ቀለም የነካ አውራ ጣቷን አየር ላይ አቆመችው።

"በዘፈቀደ?" አለች። "የኔን ልጅ?"

ድምጿን ብትሰሙት። ቁጣ አይደለም። ሰው እቃዋን ሲጥልባት እንዳየች ዓይነት ነገር ነው። እኔም እኮ "በዘፈቀደ ሠራው" ስል እንደነገሩ፣ ሳይጠነቀቅ ማለቴ ነው!

ያኛው ተርጓሚ አልተሳሳተም። ስታትስቲክስ የተማረ ሰው ነው፣ "በዘፈቀደ" ሲል እንግሊዝኛው ከክፍል ትዝ አለው። የመጣበትን መንገድ ስለሚያውቅ ሰተት ብሎ ተመለሰ። ቃል በቃል የተተረጎመ ነገር በዚህ ፍተሻ ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ሰው በሚገባው አማርኛ የተጻፈው ነው ቀይ ሊሰመርበት የሚችለው። ወይ ጉድ። አንዲት እናት ጠርቶ "እስቲ የሰማሽውን በራስሽ አነጋገር ንገሪኝ" ማለት ግን… ያኔ ማን ጠየቀ? እኔስ ጠየቅሁ?

ነርሷ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን። ከዚያ "እንደ ዕጣ ነው፣ እህቴ" አለቻት።

"አሃ! እንደ እቁብ!" ሳቀች፣ ሁላችንም ሳቅን፣ ፈረመች። ደስ አለኝ፣ በውስጤ "አላልኳችሁም!" እያልኩ ታክሲ ተሳፈርኩ።

መገናኛ ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። እቁብ ላይ ዕጣው ለሁሉም ይደርሳል እኮ። ዛሬ ባይወጣልሽ በሚቀጥለው ወር። እዚህ ግን ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ያቺ ልጅ የደረሳትን ይዛ ትጨርሳለች። እናቷ ሌላኛውን እየጠበቀች ከሆነስ?

ቅጹን ለማስለወጥ አዲስ እትም፣ እንደገና መልሶ ትርጉም፣ እንደገና ኮሚቴ። እሱስ ይሁን። ግን "በዕጣ" ብዬ ልመልሰው? ወይስ "ተራ የለውም" ብዬ ልጨምርበት፣ እሱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ምን ሆኖ እንደሚመለስ…