«ፎቶው የክፍሉ ግሩፕ ላይ ተለቋል፤ ምን ላድርግ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«የ9ኛ ክፍል ሆምሩም ነኝ። ትናንት ማታ የክፍላችን ቴሌግራም ላይ የአንዲት ተማሪዬን ፎቶ አየሁ። የተነካካ ነው፤ ልጅቷ እንዲህ ያለች አይደለችም። ላጥፋው? ለርዕሰ መምህሩ ልላከው? ወይስ ግሩፑ ላይ ልቆጣ?» (መምህር፣ ከደሴ)

መምህር፣ ፎቶውን ለማንም አይላኩ። ግሩፑ ላይም ለጊዜው ምንም አይጻፉ። ለምን እንዲህ እንደምል በአንድ ታሪክ ላስረዳዎት። እዚያው ደሴ አብራኝ ያስተማረች የባዮሎጂ መምህርት ናት።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፈተና እያረመች ነበር። ስልኳ ደጋግሞ ጮኸ። የክፍሏን ግሩፕ ስትከፍት አንዲት ተማሪዋን አየች። የ15 ዓመት ልጅ ናት። ሂጃቧ የለም፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ በእጇ የቢራ ጠርሙስ ይዛለች። ሥሩ ላይ የሚያሾፍ ጽሑፍና የሳቅ ምልክት አለ። ፎቶው ከተለቀቀ ገና 20 ደቂቃው ነበር።

መምህርቷ ደሟ ፈላ። ፎቶው ላይ ሪፕላይ አድርጋ «ይህን ያደረገው ማነው? አሁኑኑ ይናገር!» ብላ ጻፈች። ፎቶውን ልብ ያላሉት ልጆች ሳይቀሩ ምን ተፈጠረ ብለው ከፈቱ። ሪፕላዩን ሲነኩት ቀጥታ ፎቶው ላይ ይወስዳቸዋል። ከዚያ ፎቶውን ስልኳ ላይ አውርዳ ለርዕሰ መምህሩ እንደ አዲስ ላከችው። እሱም የልጅቷን ቤተሰብ የሚያውቅ ካለ ብሎ ወደ መምህራን ግሩፕ ፎርዋርድ አደረገው። በማግስቱ ጠዋት ፎቶው የልጅቷ አጎት ስልክ ላይ ነበር። ከላዩ Forwarded from የሚል ጽሑፍ ነበረው። የተጻፈው ስም የመምህርቷ ነው።

ያንን ጠዋት አልረሳውም። ልጅቷን ልትታደግ የተነሳች ሰው ናት። ግን ቤተሰቡ በዓይኑ ያየው መምህርቷ ስታሰራጭ ነው። ፎቶውን የሠራው ልጅ ለ60 ተማሪዎች ለቀቀው፣ ወደ ጎልማሶቹ ስልክ ያሻገርነው ግን እኛ ነን።

ስለዚህ እርስዎ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። የግሩፑ አድሚን ከሆኑ መጀመሪያ Permissions ውስጥ ገብተው Send Messages እና Send Media የሚሉትን ያጥፉ። ያኔ አባላት መጻፍ አይችሉም፣ ግሩፑ ዝም ይላል። ቀጥሎ የግሩፑ ባለቤት እርስዎ ከሆኑ Restrict Saving Content የሚለውን ያብሩ። ይህ ከግሩፑ ወደ ሌላ ቦታ ፎርዋርድ ማድረግን ይከለክላል። ቀድሞ የወጣውን አይመልስም፤ ደግሞም አንድ ልጅ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ይችላል። ቢሆንም እስከ ጠዋት ጊዜ ይሰጥዎታል።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ። የላኪውን ስምና በ@ የሚጀምረውን መጠሪያ፣ የተለቀቀበትን ሰዓት፣ ሥሩ የተጻፈውን ቃል በቃል ይጻፉ። ስምም መጠሪያም በአንድ ደቂቃ ይቀየራል፤ ነገ ብለው አይተዉት። ፎቶው እንደዚያኛው ልብስ ለብሳ ያለችበት ከሆነ፣ የግሩፑ ስም፣ ላኪውና ሰዓቱ አብረው የሚታዩበት አንድ ስክሪንሹት ይበቃል። ምናልባት ስክሪንሹት አልሠራ ካለዎት Restrict Saving Content ስለበራ ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ አጥፍተው መልሰው ያብሩት። ስልክዎ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ጉግል ፎቶስ የሚጭን ከሆነ ያንንም ያጥፉ። ልጆችዎ በሚጠቀሙበት ታብሌት ላይ ድንገት እንዳይታይ።

መጨረሻ ላይ መልእክቱን ጫን አድርገው ይያዙና Report ይበሉ፤ ከዚያ Delete። ሪፖርት ይቀድማል፣ ማጥፋት ይከተላል። አድሚን ከግሩፑ ያጠፋው መልእክት Recent Actions ውስጥ ለ48 ሰዓት ለአድሚኖች ይታያል። ስለዚህ ነገ ርዕሰ መምህሩ ማየት ካለበት እርስዎ ስልክ ላይ፣ ቢሮው ውስጥ ሆኖ ይየው። ሌሊቱን ግን በስልክ ደውለው በቃል ይንገሩት።

አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ልጅቷ ራቁቷን ወይም በወሲባዊ ሁኔታ እንድትታይ ተደርጎ ከሆነ ስክሪንሹት አያንሱ፣ አንድም ቦታ አያስቀምጡ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ፣ ወይም እንደዚያ የሚመስልን ሰው፣ በግልጽ ወሲባዊ ድርጊት የሚያሳይ ምስል መያዝን ራሱን ወንጀል አድርጎታል። ቅጣቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። «ለማስረጃ ነው የያዝኩት» ብሎ ፖሊስ ፊት መቆም ማንም የማይፈልገው ነገር ነው። እንዲህ ሲሆን በወረቀት የጻፉት ማስታወሻና የመልእክቱ ሊንክ ይበቃዎታል። ሳያጠፉት ወዲያውኑ ለፖሊስ ያሳውቁ። ግሩፑ ለጊዜው ዝም ብሏልና ሲያሳዩ ግሩፑ ያለበትን ስልክ ይዘው ይቅረቡ፤ ምን እንደሚደረግ ፖሊስ ይወስን።

አሁን ወደ ልጅቷ። ደወሉ ሳይደወል በር ላይ ይጠብቋት። ከሰልፍ ላይ ስሟን ጠርተው አያውጧት፣ ሌላ ተማሪ ልከውም አያስጠሯት። የምታምናት ሴት መምህር ብትኖር እሷ ታነጋግራት። ያቺ የደሴዋ ልጅ ፎቶው መኖሩን የሰማችው መንገድ ላይ፣ ከኋላዋ ከሚስቁ ልጆች ነው። ትምህርት ቤት ሳትደርስ ተመለሰች። ለ9 ቀን አልመጣችም።

«ልጄ የተነካካ ነው ትላለች፣ አባቷ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ እያለ ነው። እንዴት ይታወቃል?» (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

እህቴ፣ የፎቶውን ስህተት ከመፈለግዎ በፊት ያልተነካካውን ዋናውን ፎቶ ይፈልጉ። አብዛኛው የተነካካ ፎቶ የሚሠራው ልጅቷ ራሷ ከለቀቀችው ነው። የፕሮፋይል ፎቶዋ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የክፍል ጉብኝት። ዋናው ከተገኘ ክርክር የለም፤ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው።

የዚያችን ልጅ ጉዳይ የፈታችው አክስቷ ናት። ፎቶውን እንዳየችው «ይሄ የእኛ ሠርግ ነው» አለች። ከስልኳ ዋናውን አወጣች። ልጅቷ በሂጃብ ተቀምጣለች፣ ከኋላዋ ያው መጋረጃ አለ፣ በእጇ የያዘችው የብርዝ ብርጭቆ ነው።

ሁለቱን ስናስተያይ ሂናው ነገሩን ተናገረ። ለሠርጉ እጇን ሂና ተቀብታ ነበር፤ ሐረጉ ከጣቷ ተነስቶ እስከ ክንዷ ይወጣል። በተነካካው ፎቶ ላይ ክንዷ ላይ ያለው ሂና የእጅ አንጓዋ ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ጠርሙሱን የያዙት ጣቶች ንጹሕ ናቸው። የሌላ ሰው እጅ ከነጠርሙሱ ተቆርጦ ተለጥፏል። ፀጉሩም ግንባሯ ላይ ስስ የሆነ ቀጭን መስመር ነበረው፣ ሂጃቡ የነበረበት ጠርዝ። የጠርሙሱ ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይነበባል፤ ጠርሙሱን ይዞታል የተባለው ክንዷ ግን ደብዝዟል። በአንድ ካሜራ፣ በአንድ ቅጽበት የተነሳ ፎቶ እንዲህ አይሆንም።

እናንተም አጉልታችሁ እጅን፣ አንገትን፣ የፀጉርን ዳርና ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እዩ። ፊቷ ላይ ብርሃኑ ከግራ ሆኖ ጠርሙሱ ላይ ከቀኝ ከሆነ ጠርጥሩ። ግን ምንም ምልክት አላገኘሁም ማለት ፎቶው እውነት ነው ማለት አይደለም። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል፣ ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋል። ፎቶው መቼና በምን ስልክ እንደተነሳ የሚናገረውም መረጃ አብሮ ይጠፋል። «ባለሙያ ያረጋግጥ» ተብሎ ከግሩፕ የወረደ ፎቶ ሲመጣልኝ ብዙ ጊዜ የምለው ዋናውን አምጡልኝ ነው።

ለአባቷ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ዋናው እስኪገኝ ልጅቷን እንደ ተከሳሽ አያቁሟት። ስለ ሠርጉ፣ ስለ ልብሷ፣ አብሯት ስለተቀመጠው ይጠይቋት። ፎቶውን የምታውቀው እሷ ናት፤ ስትረጋጋ የት እንደተነሳ የምታስታውሰውም እሷ ናት።

«የሠራው የእኔ ልጅ ነው። 14 ዓመቱ ነው፣ ቀልድ ነው ይላል። ታስሮ ይቀርብኝ ይሆን? በሽምግልና መጨረስ እንችላለን?» (አባት፣ ከወልድያ)

አባቴ፣ ደፍረው መጠየቅዎ ለልጅቷም ይጠቅማል። በወንጀል ሕጋችን ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ፍርድ ቤት እንደ ወቀሳ ወይም ክትትል ያለ እርምጃ ሊያዝበት ይችላል። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ይከብዳል። ክብርን የሚነካ ምስል በኮምፒዩተር ማሰራጨት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ያስከትላል፤ የሚታየውም ተበዳይ ሲያመለክት ነው። ስለዚህ ማመልከት አለማመልከቱ የልጅቷና የቤተሰቧ ምርጫ ነው። ሽማግሌ ሲልኩ «አቤቱታ እንዳታቀርቡ» ብለው አይላኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ይላኩ። ፎቶው ወሲባዊ ይዘት ካለው ደግሞ ሽምግልና ቦታው አይደለም፤ ለፖሊስ መነገር አለበት።

ሽማግሌዎቹ ከመሄዳቸው በፊት ቤት ውስጥ ሥራ አለ። ልጁን አጠገብዎ ያስቀምጡትና ፎቶውን ለማን ለማን እንደላከ በስም ያስጽፉት። ዝርዝሩ ለትምህርት ቤቱ ይሰጥ። የደሴው ልጅ መጀመሪያ ለክፍሉ ብቻ ነው ያለው። አባቱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲያስከፍተው ሁለት ሌሎች ግሩፖች ተገኙ፤ አንዱ የሰፈር የኳስ ቡድን ነው። መምህራኑ ያንን ሳያውቁ ጨርሰናል ብለው ነበር።

ትምህርት ቤቱ ወይም ፖሊስ የሚያስፈልገውን ካየ በኋላ ይጥፋ። ቴሌግራም ላይ ልጁ ራሱ የላከውን መልእክት ለሁሉም ማጥፋት ይችላል፤ ሌሎች ያሻገሩትን ግን አይነካም። ለእነሱ በስም በስም ደውሎ «አጥፉልኝ» ማለት አለበት፤ እርስዎ እያዳመጡት። ከዚያ የስልኩን ጋለሪ፣ የፎቶ ማስተካከያ አፑ ውስጥ የተቀመጠውን ረቂቅና የጉግል ፎቶስን ቆሻሻ ቅርጫት ይዩ። እዚያ የገባ ፎቶ ባክአፕ የተደረገ ከሆነ 60 ቀን ይቆያል፣ ካልሆነ 30 ቀን።

ይቅርታውን በተመለከተ፣ ግሩፑ ላይ አይጻፍ። የደሴዋን ልጅ እናት ስንጠይቃት ያለችን ይህን ነው፦ «ስሟ እዚያ ግሩፕ ላይ ድጋሚ እንዳይነሳ።» ልጁ ከአባቱ ጋር ቤታቸው ሄደ። ልጅቷ ልታየው አልፈለገችም፣ ማንም አላስገደዳትም። እናትየው በረንዳ ላይ ተቀብላ ሰማችው። ልጅቷ በሚቀጥለው ሰኞ ክፍል ገባች፤ ወንበሯን ከኋላ ወደ መምህርቷ ጠረጴዛ አጠገብ አዛውራ።