በ9 ቀን ውስጥ የተሰበሰቡ ኮከቦች

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። በቅርቡ የጆሮ ማዳመጫ ለመግዛት ሁለት የኢንተርኔት ሻጮችን ሳወዳድር የሠራሁትን አንድ ሒሳብ ላካፍላችሁ። ዕቃው አንድ ዓይነት፣ ዋጋውም ተቀራራቢ ነበር። የመጀመሪያው ሻጭ ከ240 አስተያየቶች በአማካይ 4.7 ኮከብ ሲኖረው፣ ሁለተኛው ከ90 አስተያየቶች 4.3 ነበረው።

ልቤ ወደ መጀመሪያው አደላ። ይሁን እንጂ አስተያየቶቹን በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል ስመለከታቸው፣ ከ240ዎቹ 150ዎቹ በ9 ቀናት ውስጥ ብቻ የተጻፉና ሁሉም አምስት ኮከብ የሰጡ ሆነው አገኘኋቸው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ግን በሳምንት ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው በላይ አልጻፈም።

በእርግጥ የአስተያየት መብዛት ብቻውን ማጭበርበርን አያሳይም፤ ሻጩ ቅናሽ ካደረገ ገዢውም አስተያየቱም በአንድ ጊዜ ሊበዛ ይችላል። ነገር ግን እውነተኛ ገዢዎች ሲበዙ ዕቃው የዘገየበት፣ የተበላሸ የደረሰው፣ ሦስት ኮከብ ሰጥቶ ያለፈም በመካከላቸው አይጠፋም። እዚህ አንድም ቅር ያለው ሰው አልነበረም። የጥቂት ጸሐፊዎችን ገጽ ስከፍትም፣ በዚያው ሳምንት ምንም ለማይዛመዱ የብዙ ሻጮች ዕቃዎች አምስት አምስት ኮከብ ሲያድሉ ሰንብተዋል።

ብዙዎቹ «የተረጋገጠ ግዢ» የሚል ምልክት ነበራቸው። ይህ ምልክት ግዢው በመሸጫ ገጹ ላይ መፈጸሙን እንጂ የአስተያየቱን ነፃነት አይመሰክርም፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሻጮች ሰውየው ዕቃውን ከፍሎ ከገዛና አምስት ኮከብ ከሰጠ በኋላ ገንዘቡን ከገጹ ውጭ ይመልሱለታል። እኔም ምልክቱን ካየሁ በቂ ነው ብዬ ለዓመታት ኖሬያለሁ።

ስለዚህ 150ዎቹን አወጣኋቸው። 240 በ4.7 ሲባዛ 1128 ኮከብ ይሆናል፤ ከዚህ ላይ የ150ዎቹ 750 ኮከብ ሲቀነስ 378 ይቀራል፤ ይህም ለቀሩት 90 አስተያየቶች ሲካፈል 4.2 ነው። ካወጣኋቸው 150ዎቹ መካከል ጥቂት ሐቀኞች ቢኖሩ ሒሳቡ በድሏቸዋል፤ ቢሆንም ለምርጫዬ የጠቀመኝ የመጀመሪያው ሻጭ ብልጫ መጥፋቱ ነው። በ4.2 እና በ4.3 መካከል ያለው ልዩነት፣ በ90 ሰው አስተያየት ላይ ሲመሠረት፣ ማንንም ከማንም አያስበልጥም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼ ሁለትና ሦስት ኮከብ የሰጡትን ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ኮከብ ብቻ የሰጡትን በጥንቃቄ ያየኋቸው፣ ተፎካካሪ ሻጭም ስድብ ሊያስጽፍ ስለሚችል ነው። በሁለተኛው ሻጭ ላይ የቀረበው ቅሬታ በአብዛኛው ማሸጊያው ተጨፍልቆ መድረሱ ነበር። በመጀመሪያው ላይ ግን በተለያዩ ወራት የጻፉ አምስት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አነጋገር፣ የተበላሸ ዕቃ ሲመልሱ ሻጩ መልስ መስጠት እንዳቆመ ተርከዋል። የገዛሁት ከሁለተኛው ነው፤ ካርቶኑም እንደተባለው ተጨፍልቆ ደረሰኝ።