የጥናቱ ውስንነት፦ የምር ነው ወይስ ቦታ መሙያ?

[በስክሪኑ ላይ አንድ አንቀጽ ቀስ እያለ ይጻፋል]

"አጥኚው የጊዜና የገንዘብ እጥረት፣ የማጣቀሻ መጻሕፍት አለመሟላት እንዲሁም የአንዳንድ መላሾች ፈቃደኛ አለመሆን አጋጥሞታል። ይሁን እንጂ ባደረገው ከፍተኛ ጥረት ችግሮቹን ተቋቁሞ ጥናቱን አጠናቋል።"

ተራኪ፦ ይህን አንቀጽ ያላየ የማስተርስ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምዕራፍ አንድ መጨረሻ፣ ከጥናቱ ወሰን ቀጥሎ ነው። ምዕራፍ አንድ ደግሞ በአብዛኛው የሚጻፈው ለፕሮፖዛል፣ ገና አንድም መጠይቅ ሳይሞላ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉንና የመጨረሻውን ቅጂ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የተለወጠው "ያጋጥመዋል" የሚለው "አጋጥሞታል" መሆኑ ብቻ ከሆነ፣ መረጃ ሲሰበሰብ የተፈጠረው ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

ደግሞም ችግሮቹ በሙሉ ከተፈቱ የቀረው ውስንነት ምኑ ላይ ነው? አንቀጹ የሚያወራው ስለ አጥኚው ድካም ነው። አንባቢው ግን ማወቅ የሚፈልገው ውጤቱን ምን ያህል እንደሚያምነው ነው።

[የጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል፤ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ተራ ይጠብቃሉ]

አንድ ጥናት እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹን እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። አንዲት ተማሪ ከስድስት ወር በታች ሕፃን ያላቸው እናቶች ምን ያህሉ የእናት ጡት ብቻ እንደሚያጠቡ ለማወቅ፣ ልጅ ሊያስከትቡ የመጡ 422 እናቶችን መረጠች። 391ዱ መለሱ፤ ከእነሱ 274ቱ፣ ማለትም 70 በመቶው፣ ጡት ብቻ እንደሚያጠቡ ተናገሩ።

ውስንነቱ ላይ "አንዳንድ መላሾች ፈቃደኛ አልነበሩም" ብላ ብታልፍ ውሸት አይሆንም። ግን ያልመለሱት 31 እናቶች እነማን ናቸው? መረጃ ሰብሳቢዎቹ "ወደ ሥራ እቸኩላለሁ ያሉት ይበዛሉ" ብለው መዝግበው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ከቤት ውጭ የምትሠራ እናት ልጇን ትታ ስለምትውል ጡት ብቻ ማጥባት ይከብዳታል። ስለዚህ 70 በመቶው ከእውነታው ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።

[ሁለት ስሌቶች ተራ በተራ ይታያሉ]

ምን ያህል ከፍ እንዳለም መገመት ይቻላል። 31ዱም ጡት ብቻ የማያጠቡ ቢሆኑ፣ 274 ለ422 ሲካፈል 65 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሁሉም የሚያጠቡ ቢሆኑ ደግሞ 305 ለ422፣ 72 በመቶ ገደማ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር የጻፈች ተማሪ ቁጥሯ የት ድረስ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ነግራናለች። ለእኔ ሐቀኛ ውስንነት ማለት ይሄ ነው፦ ምን እንደተፈጠረ፣ የትኛውን ቁጥር እንደሚነካና ወደ የት እንደሚገፋው ይናገራል።

የጥያቄው አጠያየቅም አለ። በተለመደው መለኪያ እናትየዋ የምትጠየቀው ሕፃኑ ባለፉት 24 ሰዓታት ምን እንደወሰደ ነው። ባለፈው ሳምንት ውሃ ወይም አብሽ የተሰጠው ሕፃን፣ ትናንት ጡት ብቻ ከጠባ "ጡት ብቻ" ተብሎ ይቆጠራል። ይህም ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋል። ጠያቂዋ የዚያው ጤና ጣቢያ ነርስ፣ "ውሃ እንዳትሰጪው" ብላ ስትመክራት የነበረችው ራሷ ከሆነች ደግሞ፣ ስንቷ እናት ናት ፊት ለፊቷ "ሰጥቻለሁ" የምትለው? ገፊዎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው። ይህን ያልጻፈ ጥናት 70 በመቶውን እንዳለ ሲያስረክብ ያሳስበኛል፤ ቁጥሩን ይዞ "እዚህ ችግር የለም" የሚል እቅድ አውጪ ይኖራልና።

"ጥናቱ በአንድ ከተማ ብቻ የተወሰነ ነው" የሚለው ግን ወሰን ነው፤ አጥኚዋ አስባበት የመረጠችው። ውስንነት የሚሆነው በክትባት ክፍል የተገኙትን እናቶች ይዛ ስለ ከተማዋ እናቶች ሁሉ ስትናገር ነው። ልጃቸውን ለክትባት ያላመጡት ናሙናው ውስጥ የሉምና።

[ገጾች ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ይገለጣሉ]

አሁን ማጠቃለያውን ክፈቱ። ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው እሱ ነው። ውስንነቱ ላይ "መረጃው በአንድ ወቅት ብቻ ስለተሰበሰበ መንስኤና ውጤትን መለየት አይቻልም" ተብሎ ተጽፏል እንበል። ማጠቃለያው ግን "የምክር አገልግሎት ጡት ብቻ ማጥባትን ይጨምራል" ይላል። መጀመሪያውኑ ጡት ብቻ ለማጥባት የወሰነችው እናት ምክሩን ፈልጋ ሄዳ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ውስንነቱ ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተገለበጠ ያህል ነው፤ ጸሐፊዋ ራሷ አላመነችበትም። አምናበት ቢሆን ኖሮ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይሆን ነበር፦ "ምክር አግኝተናል ካሉት እናቶች መካከል ጡት ብቻ እናጠባለን ያሉት ይበዛሉ፤ የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ ግን ይህ ጥናት አያሳይም።"