ለዴይኬር የላክኩት ሜሴጅ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም ብቻዬን ነኝ፣ የማወራችሁም ስለ አንድ ሜሴጅ ነው፣ ለልጄ ዴይኬር ስለላክኩት።

እኛ ያለነው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄን የሚያውሉልኝ ሐበሻ ናቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ነው የሚሰሩት፣ ትልቅ ሰው ስለሆኑ እትዬ ነው የምላቸው። ልጄ ደግሞ ገና ሁለት አመቷ ነው።

ቅዳሜ ማታ ሰውነቷ ጋለ፣ ስለካው 102 ፋራናይት። እሁድ ምግብ እምቢ አለች፣ እንቁላል ትወዳለች፣ አንዴ ጎረሰችና አፏን ይዛ አለቀሰች። ጥርስ እያበቀለች ይሆናል ብዬ ለእትዬ «ትንሽ አሟታል፣ ነገ አትመጣም» ብዬ ብቻ ላክኩ። ሰኞ ጠዋት ሳጥባት መዳፏ ላይና ውስጥ እግሯ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ አየሁ፣ አንዳንዱ ምስር የሚያክል ውሃ ቋጥሯል፣ መቀመጫዋም ላይ አለ። እናቴ በስልክ ኩፍኝ ነው አለች። ሐኪሙ ጋ ስወስዳት ግን አፏን ከፍቶ ቁስሉን አየ፣ መዳፏን አየ፣ በቃ ሃንድ ፉት ኤንድ ማውዝ ነው፣ የእጅ የእግርና የአፍ በሽታ ማለት ነው አለኝ። ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይሰራለትም፣ ታይለኖል በኪሎዋ ልክ፣ ቀዝቀዝ ያለ ወተትና ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ የብርቱካን ጁስ የለም ያቃጥላታል፣ ዳይፐሯ ለሰዓታት ደረቅ ከሆነ ግን ደውይልኝ አለ።

እንግዲህ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን ያዝኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጻፍ አፈርኩ። ሰው ቤቷ ንጹህ አይደለም ይላል ብዬ፣ ደግሞ ስራ አለብኝ፣ ብዙ ቀን አትምጪ ቢሉኝስ። ግን በሽታው ከያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ቀን ይፈጃል፣ አርብ አብረዋት ሲጫወቱ የዋሉት ልጆች እናቶች ዛሬ ካላወቁ እነሱም እንደኔ ጥርስ ነው ብለው ያልፉታል። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«እትዬ እንደምን ዋሉ። ልጄን ሐኪም አይቷታል፣ ሃንድ ፉት ኤንድ ማውዝ ነው። ትኩሳቱ ቅዳሜ ማታ ጀመረ፣ ነጠብጣቡን ዛሬ አየሁት። አርብ እርሶ ጋ ስለነበረች እባክዎ ለሌሎቹ ወላጆች ይንገሩልኝ፣ ስሟን መጥራት ግድ የለም። ያለመድሃኒት 24 ሰዓት ትኩሳት ሳይኖራት ስትቀር፣ ለሃጯ መዝረብረቡን ሲያቆምና ስትበላ ትመለሳለች። እርሶ ሌላ ደንብ ካለዎት ይንገሩኝ።»

ወዲያው ደወሉ። ነጠብጣቡ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ አትምጣ ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ብዙ ቦታ እንደዛ ይላሉ። ግን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያው መስሪያ ቤት ሲዲሲም እንደዛ አይልም። ትኩሳት ከሌለ፣ በአፍ ቁስል የተነሳ ለሃጩ ከቁጥጥር ውጪ ካልፈሰሰና ልጁ እየተጫወተ መዋል ከቻለ መምጣት ይችላል ነው የሚለው። እትዬ አንድ ጨመሩ፣ ውሃ የቋጠረው ይድረቅ አሉ፣ ቤታቸው ነው፣ እሺ አልኩ።

ማክሰኞ ማታ ትኩሳቱ ለቀቃት። እሮብ ጠዋት ደህና ናት ብዬ ልልካት ነበር፣ ግን ቢቧ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በለሃጭ ረጠበ፣ ሌላ ልጅ የሚነካው አሻንጉሊት ሁሉ አፏ ውስጥ ይገባል፣ ተውኩት። ሐሙስ ገንፎ በላች፣ መዳፏ ላይ ያለው ደርቆ ቡናማ ሆነ። አርብ ሄደች።

ያን ጠዋት ለእትዬ አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። ልጅ ተሽሎት እንኳን ቫይረሱ በሰገራው ለሳምንታት ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው ነጠብጣቡ እስኪጠፋ ቤት ማስቀመጥ ብቻውን የማይበቃው፣ ዋናው ዳይፐር ከተቀየረ በኋላ እጅ በሳሙናና በውሃ መታጠቡ ነው፣ የልጅቷም እጅ ጭምር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሳኒታይዘር ለዚህ ቫይረስ እንደ ሳሙና አይሆንም። እሳቸው ከዛ ቀን ጀምሮ ሳሙናውን ከዳይፐር መቀየሪያው አጠገብ አስቀመጡት።

ሌላ ሁለት ልጅ ያዘው። የአንዱ እናት ግን ትኩሳቱ እንደጀመረው ወዲያው አስቀርታዋለች፣ ሜሴጁን አይታ ስለነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ስታጠብ የአውራ ጣቷ ጥፍር ከስሩ ተነስቶ አየሁ፣ ክው አልኩ። ሐኪሙ ይሄም ከዚሁ በሽታ በኋላ አንዳንዴ ይመጣል፣ አያማትም፣ አዲሱ ከስር እየበቀለ ነው አለኝ። ማታውኑ ለእትዬ ጻፍኩ፦ «የነዛ የሁለቱ ልጆች ጥፍር ቢላቀቅ እናቶቻቸው እንዳይደነግጡ ይንገሩልኝ።»